«ማንበብ አይመቸኝም» ለሚል ልጅ መጽሐፍ ስንመርጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምሠራው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ልጆች ይመጣሉ። አንዳንዶቹ በራሳቸው ፍላጎት፣ አንዳንዶቹ በአስተማሪ ወይም በወላጅ ተገፍተው። ተገፍተው የመጡት ገና በር ላይ ሆነው «ቲቸር፣ እኔ ማንበብ አይመቸኝም» ይሉኛል። እንዲህ ላለ ልጅ ከሚወደው ነገር መነሳት ትክክለኛው መንገድ ነው። ግን መንገዱ ላይ የሚያደናቅፉ ስህተቶች አሉ፤ አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ስለ መጽሐፍ በመጠየቅ መጀመር

«ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?» ጥያቄው ክፋት የለውም። ማንበብ ለማይወድ ልጅ ግን ፈተና ነው። መልሱን አያውቀውም፤ አለማወቁም ያሸማቅቀዋል። ስለዚህ «ምንም» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል።

አሁን መጀመሪያ ላይ መጽሐፍ የሚባል ነገር አላነሳም። «ትናንት ማታ ከመተኛትህ በፊት ስልክህ ላይ ምን ስታይ ነበር?» እላለሁ። መልሱ ሲመጣ ሁለተኛ ጥያቄ አለ፤ ቁም ነገሩም እሱ ላይ ነው፦ «እኔ ስለዚህ ምንም አላውቅም፤ እስቲ አስረዳኝ።» ከዚያ ዝም ብሎ መስማት ነው። ልጁ ሲያወራ የቱ ጋ ሲደርስ እንደሚፈጥን፣ የቱ ጋ እጁን ማወናጨፍ እንደሚጀምር ልብ ይበሉ። የምንፈልገው ያቺን ቦታ ነው።

«ኳስ ይወዳል» ብሎ የኳስ መጽሐፍ ማንሳት

ከሁሉም በላይ የሚሠራው ስህተት ይሄ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ትክክል የሠራን ያስመስለናል።

አንድ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ከኳስ ሌላ ወሬ የለውም። እኔም ደስ ብሎኝ የአንድ ታዋቂ ተጫዋች የሕይወት ታሪክ ሰጠሁት። ወፍራም ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ መለሰው። ገጽ 11 ላይ የታጠፈ ምልክት አለ፤ ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ አልተነካም። «አልኩህ እኮ ቲቸር፣ ማንበብ አይሆንልኝም» አለኝ። የኳስ መጽሐፍ እንኳን ካልሆነለት፣ ሌላው ጭራሽ እንደማይሆንለት ደምድሟል። የእኔ ስህተት ለእሱ ማስረጃ ሆነበት።

በሌላ ጊዜ ስለ ሰሞኑ ጨዋታ ጠየቅኩት። ማን አገባ፣ ማን አሸነፈ የሚለውን እሱ አላነሳም። እርሳስ ለመነኝና ወረቀት ላይ መሣል ጀመረ። «ይኸው የግራ ተከላካዩ ወደ መሀል ሲገባ፣ እዚህ ጋ አንድ ሰው ይተርፋቸዋል። እነዛ ደግሞ ማንን እንደሚይዙ ግራ ገባቸው።» ሩብ ሰዓት ያህል ሣለልኝ። ያኔ ገባኝ። ይህ ልጅ የተጫዋቹ ልጅነት፣ እናቱ፣ ድህነቱ ጉዳዩ አይደለም። የሚፈልገው «ለምን እንዲህ ሆነ?» የሚለውን ነው።

ስለዚህ ከትንሹ ጀመርን። መጀመሪያ የሰጠሁት ስለዚያው ጨዋታ የተጻፈ፣ ሥዕል ያለበት የሁለት ገጽ ትንታኔ ነው። ውጤቱን ያውቀዋል፣ ተጫዋቾቹን ያውቃቸዋል። አዲስ የሚሆንበት ምክንያቱ ብቻ ነው። ቆሞ አነበበው። ሁለት ቦታ ላይ «ይሄ ሰውዬ ተሳስቷል» አለ።

ሁለተኛው፣ ስለ አጨዋወት ታሪክ ከሚያወራ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነበር። በ1925 እ.ኤ.አ. የኦፍሳይድ ሕግ ሲቀየር የሆነውን የሚተርከው ክፍል። ከዚያ በፊት አንድ አጥቂ ኦፍሳይድ እንዳይባል ከእሱና ከጎሉ መስመር መካከል ሦስት የተቃራኒ ቡድን ተጫዋቾች መኖር ነበረባቸው። ሕጉ ወደ ሁለት ሲያወርደው ጎል በዛ። የአርሴናሉ አሠልጣኝ ኸርበርት ቻፕማን መሀል ሜዳ የነበረውን ተጫዋች ወደ ኋላ ስቦ በሁለቱ ተከላካዮች መካከል አቆመው። ልጁ እዚህ ሲደርስ ቀና አለና «ሦስት ተከላካይ የመጣው በዚህ ነው እንዴ?» አለኝ። መጽሐፉን ሙሉውን የጠየቀኝ ራሱ ነው።

ሌላ ኳስ ወዳድ ልጅ ቢሆን ይህ ሁሉ ያሰለቸው ነበር። አንዱ ከኳሱ የሚወደው ሰውየውን ነው፤ ተጎድቶ፣ ተረስቶ የተመለሰውን ተጫዋች። ለእሱ የሕይወት ታሪክ ይሆናል። እንዲያውም ኳስ ጨርሶ የሌለበት፣ ወድቆ ስለተነሳ ልጅ የተጻፈ ልብ ወለድም ይይዘዋል። ሌላው ደግሞ የዝውውር ወሬ ነው የሚከታተለው፤ ማን ከማን ጋር በድብቅ ተነጋገረ፣ ማን ዋሸ። እሱን የሚይዘው የምርመራ ዘገባ ወይም የወንጀል ልብ ወለድ ነው። ሦስቱም «ኳስ እወዳለሁ» ይላሉ።

ጌምም እንደዚያው ነው። አንዷ የጌሙን ዓለም ትወዳለች፤ ካርታውን፣ የነገሥታቱን ታሪክ፣ ማን ከማን እንደሚዋለድ። ለእሷ ምናባዊ ዓለም ያለው ረጅም ልብ ወለድ አይከብዳትም። ሌላው መገንባት ነው የሚወደው። ለእሱ ድልድይ እንዴት እንደሚቆም፣ ለምን እንደሚፈርስ የሚያሳይ መጽሐፍ ይሻለዋል። የሁለቱን መጽሐፍ አቀያይረው ቢሰጧቸው ሁለቱም ይመልሱታል።

በክፍል ደረጃው መለካት

«ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ ስለዚህ ይሄን ማንበብ አለበት።» ወይም በተቃራኒው፣ «ደካማ አንባቢ ስለሆነ የሕፃናት መጽሐፍ እንስጠው።» ሁለቱም ልጁን ያርቁታል። በተለይ ሁለተኛው። የ15 ዓመት ልጅ የሕፃን ሥዕል ያለበት ሽፋን ይዞ ጓደኞቹ ፊት አይታይም።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። በ1988 እ.ኤ.አ. ሬክት እና ሌስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች 64 ተማሪዎችን ስለ አንድ የቤዝቦል ጨዋታ የተጻፈ ጽሑፍ አስነበቡ። ከልጆቹ ገሚሱ ጎበዝ አንባቢ፣ ገሚሱ ደካማ ነበሩ። በሁለቱም ወገን ቤዝቦል የሚያውቁም የማያውቁም አሉ። ውጤቱ ሲታይ፣ ቤዝቦል የሚያውቁት ደካማ አንባቢዎች ጨዋታውን ከማያውቁት ጎበዝ አንባቢዎች በልጠው ተገኙ። ልጁ በሚያውቀው ነገር ላይ ከደረጃው ከፍ ያለ ጽሑፍ ሊወጣ ይችላል። ያው ልጅ ምንም በማያውቀው ጉዳይ ላይ በቀላል ቃላት የተጻፈ ነገር ሊያቅተው ይችላል።

ስለዚህ የሚለካው እዚያው መጽሐፉ ላይ ነው። ከመሀል አንድ ገጽ ይክፈትና ለራሱ ያንብብ። ያልገባው ቃል ባጋጠመው ቁጥር አንድ ጣት ያጥፍ። አምስቱ ጣቶች ካለቁ ለጊዜው ይከብደዋል። ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ይሄዳል። ከመሀል የምለው የመጀመሪያው ገጽ ብዙ ጊዜ ስለሚያታልል ነው።

አንድ ነገር ግን አይለፍዎት። ልጁ በሚወደው፣ በሚያውቀው ጉዳይ ላይ እንኳን መስመር የሚጠፋበት፣ ያነበበውን መስመር ደግሞ የሚጀምር፣ ቀላል ቃል ላይ የሚንገታገት፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሴን አመመኝ የሚል ከሆነ ነገሩ ጥላቻ ላይሆን ይችላል። ዓይኑ ይታይ። ዓይኑ ደህና ከሆነ ዲስሌክሲያ የሚባለውን የማንበብ ችግር የሚመረምር ባለሙያ ያግኝ። እስከዚያው መጽሐፉን በድምፅ እየሰማ በዓይኑ ይከተል። በድምፅ ሲሆን ታሪኩን እየተከታተለ ቀጥሎ የሚሆነውን ከጠየቀ፣ ችግሩ ከታሪኩ ሳይሆን ከፊደሉ ጋር ነው ማለት ነው።

«ይሄ ደግሞ ንባብ ነው?» ማለት

የጃፓን የሥዕል ታሪክ፣ ማንጋ፣ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። አንድ እናት በአንድ ወቅት «መጽሐፉ ተገልብጦ ነው የታተመው» ብለው መልሰውልኝ ነበር። ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ አንገቷን ደፋች። ያቺ ልጅ የሥዕሉን ቅደም ተከተል፣ የፊት ገጽታውን፣ ያልተነገረውን ሁሉ እያነበበች ነበር፤ የታሪኩ ሰባተኛ ክፍል ላይ ደርሳለች። እናትየው ግን ቁምነገር አልመሰላቸውም።

የጌም መመሪያ፣ የጨዋታ ዘገባ፣ የዘፈን ግጥም፣ ማንጋ፣ ሁሉም ንባብ ነው። እነዚህን ከናቅናቸው ልጁ ያለውን ብቸኛ መነሻ ነጠቅነው ማለት ነው። ልጅቷ ቀጥሎ የወሰደችው ያንኑ ዓይነት ታሪክ በልብ ወለድ መልክ የተጻፈውን ነው። መጀመሪያ የጠየቀችው ግን ስምንተኛውን ክፍል ነበር፤ እሱን ሰጠኋት።

በሽልማትና በጥያቄ ማጀብ

«አንድ መጽሐፍ ስትጨርስ ይህን እገዛልሃለሁ።» ሐሳቡ ቅን ነው። ግን በ1973 እ.ኤ.አ. ሌፐር፣ ግሪን እና ኒስቤት ያደረጉት ሙከራ ሌላ ነገር ያሳያል። መሣል የሚወዱ ትንንሽ ልጆችን ወስደው ከፊሎቹን «ከሣላችሁ ሽልማት አለ» አሏቸው። በኋላ በነፃ ጊዜያቸው ሽልማቱ ቃል የተገባላቸው ልጆች ከሌሎቹ ያነሰ መሣል ጀመሩ። ገና ብቅ ያለ ፍላጎት ላይ ዋጋ ሲለጠፍበት ሥራ ይሆናል።

ጥያቄም እንደዚያው። «ምን ተማርክ?» ካልነው ቀጣዩን መጽሐፍ ከፈተና ጋር ነው የሚያያይዘው። እኔ የምለው «እኔም ልየው እስቲ» ነው። አንብቤው ስመለስ እሱ ነው የሚጠይቀኝ።

ማስጨረስ

ፈረንሳዊው ደራሲ ዳንኤል ፔናክ በ1992 እ.ኤ.አ. ካሰፈራቸው አሥር የአንባቢ መብቶች አንዱ መጽሐፍን አለመጨረስ ነው። አዋቂዎች ሳንናገረው በየቀኑ የምንጠቀምበት መብት ነው፤ ለልጆች ግን እንከለክላለን። እኔ 20 ገጽ እላቸዋለሁ። ካልያዛቸው ይመልሱ፣ ምክንያት አልጠይቅም። በአንዴም ሦስት መጽሐፍ አስይዛቸዋለሁ፤ ሁለቱ ቢጣሉ አንዱ ይቀራል።

ያ ኳስ ወዳድ ልጅ ሦስተኛውን መጽሐፍ ገጽ 40 ላይ ትቶ አመጣው። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ቲቸር፣ ከዚህ ወዲህ ስለ ገንዘብ ብቻ ነው የሚያወራው» አለ። «ስለ መከላከል ብቻ የተጻፈ የለም?»