የተቆላ ቡና ሲያስቸግር፦ ጋዙ ገና ነው ወይስ አርጅቷል?

አንድ ቡና ሁለት ተቃራኒ በሆኑ ምክንያቶች ሊከፋ ይችላል። አንዱ ከተቆላ በኋላ በፍሬው ውስጥ የታመቀው ጋዝ እስኪወጣ በቂ ጊዜ ሳያርፍ መጠጣቱ ሲሆን ሌላው ጊዜው ካለፈ በኋላ መጠጣቱ ነው። የመጀመሪያው መድኃኒቱ መጠበቅ ነው፤ ለሁለተኛው ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ጉዳት ነው። ስለዚህ የውሃውን መጠን ወይም አፈጫጩን መለወጥ ከመጀመርዎ በፊት ቡናው የትኛው ላይ እንዳለ ይለዩ።

መጀመሪያ ከረጢቱ ላይ የተቆላበትን ቀን ይፈልጉ። ብዙ ከረጢት ላይ የሚገኘው "እስከዚህ ቀን ይጠቀሙ" የሚለው ብቻ ነው፤ እሱ ስለ ጣዕም ምንም አይነግርዎትም። የተቆላበት ቀን ካልተጻፈ ቡናውን ራሱን ይጠይቁት።

ቡናውን መጠየቂያው መንገድ

15 ግራም ቡና አሁኑኑ ፈጭተው ማጣሪያ ውስጥ ያድርጉና ከፈላ ገና የወረደ ውሃ 45 ግራም ያፍስሱበት። ከዚያ 40 ሰከንድ ያህል ዝም ብለው ይመልከቱ። ጋዙ ያልወጣለት ቡና እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ይነሳል፤ ትልልቅ አረፋዎች ገጹን እየሰነጠቁ ይፈነዳሉ፣ ደረቅ ዱቄትም በስንጥቁ ውስጥ ይታያል። ጥሩ ጊዜው ላይ የደረሰ ቡና ቀስ ብሎ ጉብ ይልና ደቃቅ አረፋ አውጥቶ ይሰክናል። ያረጀው አይንቀሳቀስም። ውሃው ቀጥ ብሎ ይሰርጋል፣ ገጹም እንደ እርጥብ አፈር ለጥ ብሎ ይቀራል።

ይህ ሙከራ ሊያሳስት የሚችልባቸው ሁኔታዎች አሉ። ፈካ ብሎ የተቆላ ቡና ትኩስ ሆኖም እንኳ ጠቆር ብሎ እንደተቆላው አይነፋም። ውሃው ቀዝቀዝ ካለ ጋዙ አይታይም። ተፈጭቶ የተገዛ ቡና ደግሞ በቅርብ ቀን የተቆላ ቢሆንም ለጥ ብሎ ይቀራል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ጋዝ የሚያመልጠው ሲፈጭ ነው።

መፍጫ ከሌለዎት 25 ግራም ያህል ፍሬ ዚፕ ባለው ላስቲክ ውስጥ አድርገው አየሩን ጨምቀው ያውጡና ዘግተው ያሳድሩት። ጠዋት ላስቲኩ ተነፍቶ ካገኙት ቡናው ገና ጋዝ እያወጣ ነው። እንደ ተጣበቀ ካደረ ጋዙ አልቋል ማለት ይቻላል።

ችግር 1፦ ገና የተቆላ ቡና ነው፣ ግን ምላስ ይቆነጥጣል፣ ቀጭንም ነው

ቡና ሲቆላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠርና ከፊሉ በፍሬው ውስጥ ታምቆ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በፍጥነት ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት በዝግታ ማምለጡን ይቀጥላል። ገና ብዙ ጋዝ ሳለ ሙቅ ውሃ ሲያገኘው ጋዙ በአንድ ጊዜ ይወጣና ውሃውን ከዱቄቱ ይገፋዋል። ውሃው ያልገባበት ዱቄት ጣዕሙን አይሰጥም። ለዚህ ነው በተቆላ በሁለተኛው ቀን የተፈላ ቡና ሽታው ቤቱን ሞልቶ ሳለ ሲጠጣ ባዶ ሆኖ የሚገኘው።

በኤስፕሬሶ ላይ ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ላዩ ላይ የሚሰፍረው አረፋ፣ ማለትም ክሬማው፣ የስኒውን ግማሽ ይይዛል፣ አረፋው ትልልቅ ነው፣ ቶሎም ይከስማል። አፈጫጩን ሳይነኩት አንዱ በ22 ሰከንድ፣ ቀጣዩ በ35 ሰከንድ ሊወርድ ይችላል። በዚህ ጊዜ መፍጫውን እያስተካከሉ ቡና ማባከን ትርፍ የለውም፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይሆናል።

መፍትሄው ከረጢቱን ሳይከፍቱ ማቆየት ነው። ጠቆር ብሎ የተቆላ ቡና ፍሬው ይበልጥ ስለሚቦረቦር ጋዙ ቶሎ ይወጣል፦ ለማጣሪያ ከ4 እስከ 5 ቀን፣ ለኤስፕሬሶ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። ፈካ ያለው ለማጣሪያ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ለኤስፕሬሶ ደግሞ 2 ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ጥሩ ጊዜው ለጠቆረው እስከ ሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ፣ ለፈካው በደንብ ከተያዘ እስከ አራተኛው ሳምንት ይዘልቃል። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ከላይ ያለው ሙከራና የራስዎ ምላስ ነው።

ጋዙ ቶሎ እንዲወጣ ብለው ከረጢቱን ከፍተው አይተዉት። ጋዙ በወጣበት በር ኦክስጅን ይገባል። ከረጢቱ ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ የተሠራችው ለዚሁ ነው፦ ታስወጣለች እንጂ አታስገባም።

ዛሬውኑ መጠጣት ግድ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን 45 ግራም ውሃ ካፈሰሱ በኋላ በማንኪያ አማስለው ከ60 እስከ 75 ሰከንድ ይጠብቁና ቀሪውን ያፍስሱ። ወይም ፈጭተው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቆዩት። ትንሽ መዓዛ ያጣል፣ ነገር ግን ውሃው ዱቄቱን በደንብ ያርሰዋል።

ችግር 2፦ ሲከፈት ግሩም ነበር፣ በአሥር ቀኑ ለዛ ቢስ ሆነ

ይህ የኦክስጅን ሥራ ነው። መዓዛ የሚሰጡት ነገሮች ከፊሎቹ ይተናሉ፣ ከፊሎቹ ከኦክስጅን ጋር ተዋህደው ይለወጣሉ። መጀመሪያ የሚጠፋው የአበባና የፍራፍሬ ሽታው ነው፤ ቀጥሎ ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፣ በመጨረሻ የደረቀ ካርቶን የመሰለ ጣዕም ብቻ ይቀራል።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ያ የሚያምረው ትልቅ የመስታወት ዕቃ ነው። 500 ግራም የሚይዝ ዕቃ ውስጥ 100 ግራም ሲቀር ከዕቃው አብዛኛው አየር ነው፤ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ደግሞ አየሩ ይታደሳል። ክዳኑ የቱንም ያህል ጥብቅ ቢሆን የገባው አየር አብሮ ታሽጎ ይቀራል። ብርሃን የሚያገኘው መደርደሪያ ላይ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። መፍጫው አናት ላይ ለሳምንት የሚቀመጥ ፍሬም ያው ነው።

ቡናውን በመጣበት ቫልቭ ባለው ከረጢት ውስጥ ይተዉት። በቀዱ ቁጥር አየሩን በእጅ ጨምቀው አፉን አጥፈው በመቆንጠጫ ያስሩት፣ ከምድጃ ርቆ በጨለማ ቁምሳጥን ያስቀምጡት። የግድ ብርጭቆ ከሆነ እስከ አፋቸው የሚሞሉ ትንንሽ ዕቃዎች ይጠቀሙና አንዱን ሳይጨርሱ ሌላውን አይክፈቱ። ፍሪጅ መፍትሄ አይደለም፤ በቀን ሁለት ጊዜ ገብቶ የሚወጣ ቀዝቃዛ ፍሬ ላይ ከአየሩ እርጥበት ያርፍበታል፣ የሌላውንም ምግብ ሽታ ይስባል።

ኤስፕሬሶ የሚያፈሉ ሰዎች ቡናው ሲያረጅ ፈጥኖ እንደሚወርድ ያውቃሉ። ደቀቅ አድርጎ መፍጨት ፍጥነቱን ይመልሳል፤ የጠፋውን መዓዛ ግን አይመልስም።

ችግር 3፦ የከረመ ዘይት ይሸታል

ጠቆር ብሎ የተቆላ ፍሬ በጥቂት ቀናት ውስጥ ላዩ ላይ ቅባት ቢያወጣ ጤነኛ ነው። ችግሩ ቅባቱ የከረመ ለውዝ ወይም ያደረ መጥበሻ የመሰለ ሽታ ሲያመጣ ነው። እንዲህ የሆነን ቡና የሚያድን ዘዴ የለም።

ከመጣልዎ በፊት ግን ፍሬውን ሳይፈጩ ያሽቱት። ፍሬው ንጹሕ ሽታ ካለውና ሽታው የሚመጣው ሲፈጭ ከሆነ ያረጀው መፍጫው ውስጥ የተለጠፈው የቀድሞ ዱቄት ነው። መፍጫውን ነቅለው ጥርሱን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ፣ ውሃ አያስነኩት። የቡና ዕቃውን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው ፈጽሞ እስኪደርቅ ድረስ ቡና አይጨምሩበት።

ችግር 4፦ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬው ተበላሸ

ቅዝቃዜው ራሱ ቡናን አይጎዳም። የሚያበላሹት አየር፣ እርጥበትና ደጋግሞ መክፈት ናቸው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ እርጅናው በጣም ይዘገያል፣ ጨርሶ ግን አይቆምም። ስለዚህ ቡናው ከፍሪዘር ሲወጣ በገባበት ደረጃ አካባቢ ነው የሚገኘው። በሁለተኛው ቀን የገባ ቡና ከሁለት ወር በኋላም ጋዛም ሆኖ ይወጣል፤ አርጅቶ የገባም አርጅቶ ይወጣል። መግባት ያለበት ጥሩ ጊዜው ሲጀምር ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ፈካ ብሎ የተቆላ 1 ኪሎ ቡና ገዙ፣ በቀን 30 ግራም ይጠጣሉ እንበል። ይህ 33 ቀን ይወስዳል። በ8ኛው ቀን ቢከፍቱት የመጨረሻውን ስኒ የሚጠጡት ቡናው 40 ቀን ሲሞላው ነው፣ ማለትም ለዛው ካለቀ በኋላ።

ይልቅ ከረጢቱን በ8ኛው ቀን ከፍተው 300 ግራም ለአሁን ያስቀሩ። ቀሪውን 700 ግራም ለሁለት ይክፈሉና እያንዳንዱን 350 ግራም በወፍራም ዚፕ ላስቲክ ያድርጉ። አየሩን በደንብ ጨምቀው ያውጡ፣ በሁለተኛ ላስቲክ ደርበው ይዝጉ። ቫልቭ ባለው ከረጢት የሚያስቀምጡ ከሆነ ቫልቩን በፕላስተር ይሸፍኑት። ላዩ ላይ የተቆላበትን ቀን፣ የገባበትን ቀንና ክብደቱን ይጻፉ። 300 ግራሙ 10 ቀን ያደርስዎታል። ሊያልቅ ሲል አንዱን ላስቲክ ማታ ያውጡና ሳይከፍቱ ጠረጴዛ ላይ ያሳድሩት። ጠዋት ሲከፍቱት ቡናው በጣዕም የ8 ወይም የ9 ቀን ቡና ነው፣ እስኪያልቅም 20 ቀን አካባቢ ላይ ይደርሳል። ሁለተኛውም እንዲሁ። አንዱም ስኒ ከጥሩው ጊዜ አልወጣም።

ማሳደሩን አይዝለሉት። ቀዝቃዛ ፍሬ ሞቃት አየር ሲያገኝ እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ላዩ ላይ ውሃ ያወጣል። ላስቲኩ እንደተዘጋ ከሞቀ ውሃው የሚያርፈው ውጭ ላይ ነው፤ ጠርገው ይከፍቱታል። የሞቀና የተከፈተ ላስቲክ ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም።

ማሳደር የማይመች ከሆነ በ15 በ15 ግራም ለይተው በትንንሽ ዕቃ ያስቀምጡና አንዱን አውጥተው ሳይሞቅ ወዲያው ይፍጩት። የቀዘቀዘ ፍሬ ተሰባሪ ስለሆነ ይበልጥ ደቀቅ ብሎና ተመጣጥኖ ይፈጫል። ስለዚህ ኤስፕሬሶው ከወትሮው ከዘገየ መፍጫውን ትንሽ ሻካራ ያድርጉት። ከፍተው ሲያዩ ፍሬው ላይ ነጭ የበረዶ ብናኝ ካለ ዕቃው አየር ያስገባል ማለት ነው፤ ያን ቡና ያኔውኑ ይጠጡትና ለቀጣዩ ዕቃውን ይለውጡ።