የቴሌቪዥን ድምፅ በኦፕቲካል ወደ ቆየ ስፒከር ሲላክ፦ አንዱ ጣቢያ እየተሰማ ሌላው ለምን ዝም ይላል?

ጎንደር ውስጥ በብዙ ሳሎኖች ከአዲሱ ስስ ቴሌቪዥን አጠገብ የቆየ አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮች ተቀምጠው ይታያሉ። የስሱ ቴሌቪዥን የራሱ ስፒከር ትንሽ ስለሆነና አብዛኛውን ጊዜም ድምፁን ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ስለሚለቅ፣ ድምፁን ወደ አሮጌዎቹ ስፒከሮች ማሻገር ተገቢ ሐሳብ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው አምፕሊፋየር የኤችዲኤምአይ መሰኪያ የለውም፤ ያለው ቀይና ነጭ መሰኪያ ብቻ ነው። በቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚታዩት ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ቀዳዳዎች ደግሞ በአዳዲሶቹ ሞዴሎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅና ምስል መቀበያ እንጂ መላኪያ ስላልሆኑ፣ ገመድ ከእነሱ ወደ አምፕሊፋየሩ ቢዘረጋ ምንም አይሰማም። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳም ከሌለ የሚቀረው "OPTICAL" ተብሎ የተጻፈበት አራት ማዕዘን መውጫ ነው። ከዚህ መውጫ የሚነሣው ድምፅ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ በምትቀይር አነስተኛ ኮንቨርተር በኩል አልፎ ወደ ቀይና ነጩ መሰኪያ ይደርሳል።

ምንም ድምፅ የለም

በመጀመሪያ የሚመረመረው ብርሃኑ ነው። በኦፕቲካል ገመድ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ሳይሆን ቀይ ብርሃን ስለሆነ፣ ቴሌቪዥኑ በርቶ ሳለ የገመዱን አንድ ጫፍ ከኮንቨርተሩ ነቅሎ ወደ መዳፍ ወይም ወደ ነጭ ወረቀት ማዞር በቂ ነው። ቀይ ነጥብ ከታየ ቴሌቪዥኑ እየላከ ነው፤ ገመዱም ብርሃን እያሳለፈ ነው። ካልታየ ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ላይ ነቅሎ መውጫውን ራሱን ማየት ያስፈልጋል። መውጫው ላይ ቀይ ብርሃን ካለ ጥፋቱ የገመዱ ነው፤ መውጫው ላይም ብርሃን ከሌለ "Sound Output" በሚለው ማውጫ ውስጥ "TV Speaker" የሚለውን ትቶ "Optical" መምረጥ ይገባል።

አዲስ ገመድ ሲገዛ በሁለቱም ጫፎች ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ይኖራል፤ ክዳኑ ብዙ ጊዜ ውኃ የመሰለ ግልጽ ፕላስቲክ ስለሆነ የገመዱ አካል ይመስላል፤ ሳይነቀል ሲቀርም ጫፉ እስከ መጨረሻው አይገባም። የመሰኪያው ሁለት ማዕዘኖች የተቆረጡ በመሆናቸው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባል፤ በትክክል ሲገባ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። በቁም ሣጥን ጀርባ ተጨፍልቆ የታጠፈ ገመድም ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ሊሰበር ስለሚችል ማዕዘን ላይ በሰፊው ማዞር ይሻላል።

አንዳንዱ ጣቢያ ይሰማል፣ ሌላው ዝም ይላል ወይም ይንሾካሾካል

ሰውን ከሁሉም በላይ ግራ የሚያጋባው ይህ ነው፤ ብዙዎችም ኮንቨርተሩ ተበላሽቷል ብለው ወደ ሱቅ ይመልሱታል። አዘዞ የሚገኝ አንድ ቤት እንደ ምሳሌ ይወሰድ። ሪሲቨሩ ከዲሽ የተቀበለውን በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥን ይልካል፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ድምፁን በኦፕቲካል ወደ ኮንቨርተሩ ያስተላልፋል። የአማርኛው ዜና በትልልቆቹ ስፒከሮች ጥርት ብሎ ይሰማል። ወደ አንድ የውጭ ፊልም ጣቢያ ሲቀየር ግን ስፒከሮቹ ፀጥ ይላሉ፤ አንዳንዴም "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ ያወጣሉ።

ምርመራው እንዲህ ይሄዳል። ዜናው የተሰማ ስለሆነ ገመዱ፣ ኮንቨርተሩና አምፕሊፋየሩ ደኅና ናቸው። "TV Speaker" ተመርጦ የፊልሙ ጣቢያ በቴሌቪዥኑ በራሱ ስፒከር ከተሰማ ደግሞ ሥርጭቱም ሪሲቨሩም ደኅና ናቸው፤ እንዲያውም ቴሌቪዥኑ ያንን ድምፅ መፍታት እንደሚችል በዚሁ ተረጋግጧል። እንግዲህ የቀረው ምክንያት አንድ ነው፤ ድምፁ በኦፕቲካል የተላከበት መልክ ነው። ዜናው በተራ ስቴሪዮ የተሠራጨ በመሆኑ ቴሌቪዥኑ ፈትቶ PCM በሚባለው ያልታመቀ መልክ ልኮታል። ፊልሙ ግን በዶልቢ ዲጂታል ታምቆ የመጣ ስለሆነ፣ ቅንብሩ "Auto" ወይም "Pass Through" ላይ እስካለ ድረስ ቴሌቪዥኑ ሳይፈታ እንደታመቀ ያሳልፈዋል። በርካሽ የሚሸጡት ኮንቨርተሮች በአብዛኛው የሚያውቁት ባለ ሁለት ቻናል PCM ብቻ ነው፤ የታመቀው ሲደርሳቸው ዝም ይላሉ፣ ወይም ዳታውን እንደ ድምፅ ቆጥረው ሽሽታ ያሰማሉ። ሽሽታው ኃይለኛ ሊሆን ስለሚችል ከሙከራው በፊት የአምፕሊፋየሩን ድምፅ መቀነስ ለስፒከሮቹ ደኅንነት ይበጃል።

መፍትሔው በቴሌቪዥኑ የድምፅ ማውጫ ውስጥ ገብቶ "Digital Output Audio Format" ወይም ተመሳሳይ ስም ያለውን ቦታ "PCM" ማድረግ ነው። በምሳሌው ቤት ይህ ሲደረግ ፊልሙ ወዲያውኑ መሰማት ይጀምራል። ምርጫው ደብዝዞ አልነካ ካለ ወይም ጭራሹን ከሌለ፣ ያው ሥራ በሪሲቨሩ ማውጫ ውስጥ ሊሠራ ይችላል፤ የኤችዲኤምአይ ድምፁ "Bitstream" ከሚለው ወደ "LPCM" ሲዞር ድምፁን የሚፈታው ሪሲቨሩ ይሆናል።

ከፍላሽ የሚታይ ፊልም በቴሌቪዥኑ ስፒከርም ሆነ በትልልቆቹ የማይሰማ ከሆነ ግን ኦፕቲካሉን መንካት አያስፈልግም። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ የፋይሉን የድምፅ ዓይነት፣ ለምሳሌ ዲቲኤስን፣ መፍታት አይችልም ማለት ነው፤ ፋይሉ ሌላ የድምፅ ትራክ ካለው እሱን መምረጥ፣ ከሌለው ሌላ ቅጂ መፈለግ ይገባል።

አምፕሊፋየሩ የራሱ የኦፕቲካል መግቢያና አምስት ስፒከሮች ያሉት የቆየ ሆም ቲያትር ከሆነ ምክሩ ይገለበጣል። በኦፕቲካል የሚሄደው PCM ሁለት ቻናል ብቻ ስለሆነ፣ አምስቱም እንዲሠሩ "Dolby Digital" ወይም "Auto" መምረጥ ይሻላል።

ከበስተጀርባ "እምምም" የሚል ድምፅ አለ

የኦፕቲካል ትልቁ ጥቅም በቴሌቪዥኑና በአምፕሊፋየሩ መካከል የኤሌክትሪክ ግንኙነት አለመኖሩ ነው፤ በመሆኑም ከዲሽ ገመድ ወይም ከቤቱ መስመር የሚመጣ ጉምጉምታ በእሱ በኩል ሊሻገር አይችልም። ይህ ጥቅም የሚጠፋው ኮንቨርተሩ ኃይሉን ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ሲያገኝ ነው፤ ምክንያቱም በብርሃን የተለያዩት ሁለት ዕቃዎች በዩኤስቢው ሽቦና በቀይና ነጩ ገመድ እንደገና ይገናኛሉ። ኮንቨርተሩን በተለየ ባለ 5 ቮልት የስልክ ቻርጀር ማብራት ብዙ ጊዜ ጉምጉምታውን ያስወግዳል። ቻርጀር ተቀይሮም ከቀጠለ የኦፕቲካል ገመዱን ብቻ ነቅሎ ማዳመጥ ነው፤ ገመዱ ተነቅሎም ጉምጉምታው ካለ ምንጩ ቻርጀሩ፣ ቀይና ነጩ ገመድ ወይም አምፕሊፋየሩ ራሱ ነው።

የቴሌቪዥኑ ሪሞት ድምፅ አይጨምርም፣ አይቀንስም

ይህ ብልሽት አይደለም። በአብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ላይ የኦፕቲካል መውጫው ድምፁን በማይለወጥ መጠን ስለሚልክ ሥራው የአምፕሊፋየሩ ቁልፍ ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጦ መቆጣጠር ለሚፈልግ ሰው የራሷ ሪሞት ያላት ኮንቨርተር ብትገዛ ይሻላል።

ድምፁ ከአፍ እንቅስቃሴ ይቀድማል

ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለማሳመር ጥቂት ጊዜ ይወስዳል፤ ድምፁ ግን በኦፕቲካል ቀድሞ ሊወጣ ይችላል። "Digital Output Delay" ወይም "AV Sync" የሚለውን የዜና አንባቢ ከንፈር እያዩ ጥቂት በጥቂት መጨመር ያስተካክለዋል። ድምፁ የሚዘገይ ከሆነ ግን ይኸው ቁጥር ወደ 0 ይመለሳል፤ 0 ላይ ሆኖም ከዘገየ በዚህ ቅንብር ድምፁን ከዚያ በላይ ማፍጠን አይቻልም።