ብዙ ሰው የጻፈውን ቴክኒካዊ ሪፖርት ወጥ ማድረግ

ሁሉም ክፍሎች አንድ ፋይል ውስጥ ከገቡ በኋላ መጀመሪያ ስያሜዎቹን ይያዙ። ርዕሶች ውስጥም ስለሚገቡ፣ በርዕስ ከጀመሩ ያንኑ ሥራ ሁለቴ ይሠራሉ።

ሦስት ባለሙያዎች ስለ አንድ የውሃ ማስተላለፊያ ጣቢያ ጻፉ እንበል። አንዱ «ፓምፕ» ይላል፣ ሌላው «የውሃ መሳቢያ»፣ ሦስተኛው «ሞተር»። ሦስቱም አንድ ነገር ይመስላሉ። «ሞተሩ በሰዓት 40 ሜትር ኩብ ውሃ ይገፋል» የሚለው በእርግጥም ስለ ፓምፑ ነው። «ሞተሩ ከመጠን በላይ ሞቀ» የሚለው ግን ፓምፑን ስለሚያዞረው ሞተር ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ መገመት አደገኛ ነው፤ ጥገናው የተሳሳተ ዕቃ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጸሐፊውን ይጠይቁ።

መልሱን በአንድ ሰንጠረዥ ያስፍሩ፦ የተመረጠው ስያሜ፣ በእሱ የሚተኩት፣ እንዳለ የሚቀርበት ቦታ። የውል ስምና የቃለ መጠይቅ ጥቅስ አይነካም።

አሁን ወደ ፍለጋው። `Replace All` የሚለውን አይጫኑ። በአማርኛ «ፓምፕ» ብለው ሲፈልጉ «የፓምፕ» ይገኛል፤ «ፓምፑ» እና «ፓምፖች» ግን ያመልጣሉ፣ የመጨረሻው ፊደል ተለውጧላ! ስለዚህ «ፓም» ብቻ ብለው ይፈልጉና አንድ በአንድ ይለፉ። «ውሃ»፣ «ውሀ» እና «ውኃ»ም ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ እያንዳንዱን ለብቻው ይፈልጉ። ለውጦቹን ጸሐፊዎቹ እንዲያዩት `Track Changes` ክፍት ይሁን።

ቀጥሎ የግሥ ጊዜ። ሪፖርቱን በሙሉ ወደ ኃላፊ ጊዜ መቀየር ስህተት ነው። የተሠራው ሥራ በኃላፊ ይጻፋል፦ «ፍሰቱ ተለካ»። ሰንጠረዡ የሚለው በአሁን፦ «ሰንጠረዥ 3 ያሳያል»። በብዛት የሚበላሸው የአሠራር ዘዴ ምዕራፍ ነው፤ ከዕቅዱ ላይ ስለሚቀዳ «ናሙና ይወሰዳል» እንዳለ ይቀራል። ሥራው ካለቀ «ናሙና ተወሰደ» መሆን አለበት። ግን ናሙናው በትክክል መወሰዱን ሳያረጋግጡ ግሡን አይቀይሩ፤ ያልተደረገ ነገር እንደተደረገ ተጽፎ ሊወጣ ይችላል።

ርዕሶች ቀላል ናቸው። አንዱ «የፍሰት ልኬት»፣ ሌላው «ፍሰቱን እንዴት ለካን?» ብሎ ከሆነ አንዱን ቅርጽ ይምረጡ። እኔ አጭሩን፣ ግሥ የሌለውን እመርጣለሁ፤ ማውጫ ላይ ቶሎ ይነበባል። በእጅ የደመቁትን ርዕሶች በ`Heading 1` እና `Heading 2` ይተኩ፣ ቁጥሩም በ`Multilevel List` ከርዕሶቹ ጋር ተያይዞ በራሱ ይምጣ። ከዚያ ማውጫውን ብቻውን ያንብቡ፤ ከሌሎቹ የተለየው ርዕስ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል።

ቁጥሮቹ ሲቀያየሩ በእጅ የተጻፈ «ክፍል 4.2ን ይመልከቱ» አብሮ አይስተካከልም። «ይመልከቱ» ብለው ይፈልጉና እያንዳንዱ የሚጠቁመው ክፍል ትክክለኛው መሆኑን ያረጋግጡ።