Buy Stop ካስቀመጥንበት ዋጋ በላይ ሲገዛ፦ ምክንያቱና መፍትሄው

ጎንደር ፒያሳ ቡና እየጠጣን ሳለ የአክስቴ ልጅ ስልኩን አዞረልኝ። ፊቱ ጠቁሯል። ወርቅ በ2654 ዶላር እንዲገዛለት Buy Stop አስቀምጦ ነበር፤ የተገዛለት ግን በ2656.20 ነው። «ሰረቁኝ» አለኝ። ዕለቱ የአሜሪካ የሥራ ስምሪት ሪፖርት የሚወጣበት አርብ ነበር። ሪፖርቱ አብዛኛውን ጊዜ በወሩ የመጀመሪያ አርብ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9:30 ይወጣል፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ግን 10:30 ላይ ነው። ትዕዛዙን አብረን ስናየው የሰረቀው ሰው አላገኘንም፤ ትዕዛዙ የሠራው እንደ ባሕሪው ነበር።

ምልክት፦ ከጻፍነው ዋጋ በላይ ተገዛ

Buy Stop ላይ የምንጽፈው ቁጥር የመግዣ ዋጋ አይደለም፤ ትዕዛዙን የሚቀሰቅስ ምልክት ነው። ዋጋው እዚያ ሲደርስ ትዕዛዙ ወደ ማርኬት ትዕዛዝ ይለወጣል፤ ማርኬት ትዕዛዝ ደግሞ «ያገኘኸውን ግዛ» ማለት ነው። ሪፖርት በሚወጣበት ቅጽበት ሻጮች ትዕዛዛቸውን ስለሚያነሱ ከ2654 ቀጥሎ የተገኘው ሻጭ 2656.20 ላይ ሊሆን ይችላል።

ጉዳቱ የሁለት ዶላር ልዩነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ልጁ የገዛው 0.10 ሎት፣ ማለትም 10 አውንስ ነው። ኪሳራ ማቆሚያው 2650፣ ግቡ 2662 ነበር። በዕቅዱ 40 ዶላር ለኪሳራ አጋልጦ 80 ሊያገኝ ነበር። በ2656.20 ሲገባ ግን የሚያሰጋው ኪሳራ 62፣ የሚጠብቀው ትርፍ 58 ሆነ። ያለ ዕቅድ የገባ ያህል ነው። ኪሳራ ማቆሚያውም ራሱ ስቶፕ ትዕዛዝ ስለሆነ ከ2650 በታች ሊዘጋ ይችላል።

በዚህ ቅጽበት በ Buy Stop መግባት ግድ ከሆነ መጠኑን ከመጥፎው ዋጋ ተነስታችሁ አስሉ። ማጣት የምትችሉት 40 ዶላር ከሆነና መግቢያው እስከ 2656.20 ሊርቅ እንደሚችል ካሰባችሁ፣ 40 ለ6.20 ሲካፈል ከ6 አውንስ ጥቂት ይበልጣል፤ ስለዚህ 0.06 ሎት ነው። እኔ ግን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች እንዲህ መግባቱን አልመክርም።

ምልክት፦ ቻርቱ ሳይደርስ ትዕዛዙ ተቀሰቀሰ

የምንገበያይበት ፕሮግራም ሜታትሬደር ቻርቱን የሚስለው በ Bid፣ ማለትም እኛ በምንሸጥበት ዋጋ ነው። Buy Stop የሚቀሰቀሰው ግን በምንገዛበት፣ በ Ask ነው። በተረጋጋ ሰዓት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 0.30 ዶላር ከሆነ በዜና ጊዜ 2 ወይም 3 ዶላር ሊሆን ይችላል። ቻርቱ 2652 ላይ ቆሞ ሳለ Ask 2654ን ይነካል። መፍትሄው ቀላል ነው፤ በኮምፒውተር F8 ተጭናችሁ የ Ask መስመሩን አብሩ። ልዩነቱ ወደ ተለመደው እስኪመለስም ትዕዛዝ አታስቀምጡ።

ምልክት፦ ዋጋው ሄደ፣ ትዕዛዙ አልተፈጸመም

ይህ የሊሚት፣ ማለትም ከጻፍነው ዋጋ በላይ የማይገዛ ትዕዛዝ ችግር ነው። ወደ አራዳ ገበያ የላካችሁትን ልጅ «በርበሬውን ከዚህ ዋጋ በላይ እንዳትገዛ» ብትሉት ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል፤ ያላሰባችሁትን ዋጋ ግን አይከፍልም። Buy Limit ከአሁኑ Ask በታች ይቀመጣል፤ በላይ ካስቀመጣችሁት Invalid price ይላችኋል። ሌላም ነገር አለው፦ ዋጋው ሳይመለስ ሲሮጥ ትቀራላችሁ፣ ቁልቁል ሲወድቅ ግን በእርግጠኝነት ትገባላችሁ። ስለዚህ ከኪሳራ ማቆሚያ ጋር እንጂ ብቻውን አታስቀምጡት።

ለአክስቴ ልጅ የመረጥንለት ይኸንኑ ነበር። ሪፖርቱ ወጥቶ ዋጋው 2654ን ካለፈና ልዩነቱ ከጠበበ በኋላ፣ ሲመለስ እንዲገዛ Buy Limit በ2654፣ ኪሳራ ማቆሚያ በ2650። ካልተመለሰ የዕለቱ ንግድ ይቅር።

ሜታትሬደር 5 ላይ Buy Stop Limit አለ፤ በ4 ላይ የለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአክሲዮን ገበያዎች ስቶፕ 2654፣ ሊሚት 2655 ብሎ «እስከዚህ ድረስ እከፍላለሁ» ማለት የተለመደ ነው። ሜታትሬደር 5 ግን የሊሚቱ ዋጋ ከመቀስቀሻው በታች እንዲሆን ይፈልጋል፤ 2654 ሲነካ በ2653.50 የሚጠብቅ Buy Limit ያስቀምጥላችኋል።

ማርኬት ትዕዛዝን የምጠቀመው ልዩነቱ ጠቦ፣ መግባቱ ከጥቂት ሳንቲም ሲበልጥብኝ ብቻ ነው። መብራት ወይም ኔትወርክ ሊጠፋ በሚችልበት ሰዓት ደግሞ ኪሳራ ማቆሚያውን ከትዕዛዙ ጋር አብሬ እልካለሁ፤ እሱና ሊሚቱ የሚቀመጡት በብሮከሩ ሰርቨር ላይ ስለሆነ ስልኬ ቢጠፋም ይሠራሉ። የሜታትሬደር Trailing Stop ግን የሚሠራው በራሳችን ኮምፒውተር ላይ ነው፤ መብራቱ ሲሄድ አብሮ ይቆማል።