የመጀመሪያው 5 ኪሎ የለውዝ ቅቤ፦ ናሙና ሲሠሩና ሰው ሲያስቀምሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የለውዝ ቅቤ ለመጀመር ቀላል ይመስላል። ለውዙ ይቆላል፣ ይላጣል፣ ይፈጫል፣ ጨው ይገባበታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚሁ ቀላልነቱ ነው። ቤት ውስጥ በብሌንደር የተሠራች አንዲት ብልቃጥ ጥማ ስትገኝ በሳምንቱ አንድ ኩንታል ለውዝ ይገዛል፣ ባዶ ብልቃጥ በመቶዎች ይታዘዛል፣ መለያ ወረቀትም ይታተማል። ዘይቱ ከላይ ተንሳፎ፣ ሥሩ ደርቆ፣ ሱቁ ዕቃውን ሲመልስ ግን ገንዘቡ አልቋል። ከታች ያሉት ስህተቶች በ5 ኪሎ ጥሬ ለውዝና በስድስት ሳምንት ትዕግሥት ሊታረሙ የሚችሉ ናቸው።

ናሙናውን በብሌንደር፣ ምርቱን በወፍጮ መሥራት

የቤት ብሌንደር ለውዙን ይቆርጠዋል እንጂ አያደቀውም። ስለዚህ የብሌንደሩ ቅቤ ሸካራና ወፈር ያለ ሲሆን፣ ከለውዝ መፍጫ ማሽን የሚወጣው ደግሞ ልስልስ ብሎ የሚፈስ ነው። ሁለቱ አፍ ውስጥ ሲገቡ የተለያየ ምግብ ናቸው። ጨውም በሁለቱ ውስጥ እኩል አይሰማም። ሰው የወደደው የብሌንደሩን ከሆነ በማሽን የተፈጨውን ስለመውደዱ ምንም አልነገረዎትም።

ማሽን ከሌለዎት ኪራይ ይፈልጉ፤ የመጀመሪያዋንም ናሙና በዚያው ያስፈጩ። በርበሬና እህል የሚፈጭበት ወፍጮ ቤት ግን አይሆንም። ለውዝ ዘይት ስላለው ወፍጮው ውስጥ የቀረውን የቅመም ሽታ ሁሉ ይዞ ይወጣል። የተረፈው የስንዴ ዱቄት ደግሞ ስንዴ ለማይስማማው ሰው አደጋ ነው። በለውዝ ማሽንም ቢሆን ከ5 ኪሎው ውጭ የሆነ ግማሽ ኪሎ ያህል ለውዝ መጀመሪያ አስፈጭተው የሚወጣውን ለብቻ ያኑሩት፤ ከእርስዎ በፊት የፈጨው ሰው ቅሪት አለበት።

ለቀማውን እንደ ማሳመሪያ መቁጠር

ባቢሌም ሆነ ሌላ አካባቢ የበቀለ ለውዝ፣ በአግባቡ ሳይደርቅ ከተከማቸ ሻጋታ ይይዘዋል። ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበትን የሚጎዳ ሲሆን፣ መቁላት ትንሽ ሊቀንሰው ቢችልም አያጠፋውም። በጣዕምም አይታወቅም። ስለዚህ የጠቆረውን፣ የተጨማደደውን፣ የተሰበረውንና ቀለሙ የተለወጠውን ከመቆላቱ በፊት አንድ በአንድ መልቀም ያስፈልጋል። ከተቆላና ከተላጠ በኋላም እንደገና ይለቀማል፤ ውስጡ የተበላሸ ፍሬ ቆዳው ሲወልቅ ነው የሚጋለጠው። የተለቀመው ይጣላል እንጂ ለከብት ወይም ለዶሮ አይሰጥም።

ለቀማ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ላቦራቶሪ ማስመርመር ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ይደጋገማል። ከከረጢቱ አፍ አንድ እፍኝ ዘግኖ መውሰድ ነው። መርዙ የሚገኘው በጥቂት ፍሬዎች ውስጥ ተከማችቶ ስለሆነ ያ እፍኝ ንጹሕ ሆኖ ከረጢቱ የተበከለ ሊሆን ይችላል። የተሻለው፣ ሁሉም ተፈጭቶ በደንብ ከተማሰለ በኋላ ከቅቤው መውሰድ ነው። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ያስቀመጠው ጣሪያ ገና ለሚቀነባበር ለውዝ በኪሎ 15 ማይክሮግራም ነው። አውሮፓ ውስጥ ለምግብነት ለሚቀርብ ለውዝ የተፈቀደው ጠቅላላ መጠን 4 ብቻ ስለሆነ፣ ወደዚያ ለመላክ የሚያስብ ሰው ከመጀመሪያዋ ናሙና ጀምሮ ይህን ቁጥር ይያዝ።

ክብደት ሳይጽፉ መሥራት

“5 ኪሎ ለውዝ፣ ብልቃጡ 400 ግራም፣ እንግዲህ 12 ብልቃጥ ይወጣዋል” ብሎ ዋጋ ማውጣት የተለመደ ነው። ሚዛን ላይ ሲቀመጥ እንዲህ ይሆናል። ከ5,000 ግራም ውስጥ በለቀማ 250 ግራም ወጣ እንበል፤ 4,750 ቀረ። ቆላው እርጥበቱን ሲያወጣው ወደ 4,510 ይወርዳል። ቆዳው ተወቅጦና ተበጥሮ ሲወጣ 4,330 ይሆናል። ማሽኑ ውስጥ ተጣብቆ የሚቀረውም 130 ግራም ያህል ነው። በእጅዎ የሚገባው 4,200 ግራም ነው ማለት ነው። በኪሎ 10 ግራም ጨው ሲገባበት 10 ብልቃጥ ሞልቶ ትንሽ ይተርፋል።

ስለዚህ አንዷ ብልቃጥ የበላችው 400 ግራም ሳይሆን 470 ግራም ያህል ጥሬ ለውዝ ነው። የእርስዎ ለውዝ ከዚህ የተሻለ ወይም የባሰ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም ነው በየደረጃው መዝኖ መጻፍ ያለበት። ጨውን በማንኪያ መስፈር ደግሞ ሁለተኛውን ዙር ከመጀመሪያው የተለየ ያደርገዋል። ጨው በዘይት ውስጥ እንደማይሟሟም ያስታውሱ። ሻካራ ጨው ከገባ ቅቤው አልጫ ሆኖ አልፎ አልፎ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። አድቅቆ፣ ያው ቅቤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲፈጭ ማስገባት ነው።

ቆላውንም ጨውንም በአንድ ጊዜ መቀየር

ሁለት ነገር ከተቀየረ የቱ እንደጠቀመ አይታወቅም። መጀመሪያ ቆላውን ብቻ ይወስኑ። ሦስት ጊዜ 300 ግራም ለውዝ በሳሳ ንጣፍ፣ በ160 ዲግሪ ኦቨን፣ ለ15፣ ለ20ና ለ25 ደቂቃ ይቁሉ። ከእሳት ሲወጣ በሰፌድ ላይ ዘርግተው ቶሎ ያቀዝቅዙት፤ ክምር ሆኖ ከተተወ በራሱ ሙቀት መቆላቱን ይቀጥላል። ከዚያ ፍሬውን ለሁለት ከፍሎ ውስጡን ማየት ነው። ነጣ ያለው የጥሬ ባቄላ ሽታ አለው፤ የገብስ ቆሎ ቀለም የያዘው ደርሷል፤ ወደ ቡና የሄደው ይመርራል። የውጭ ቆዳው ቀለም ግን አታላይ ነው። የተመረጠው ደቂቃ ከተጻፈ በኋላ 5 ኪሎው በዚያው ልክ ይቆላ።

በዕለቱ ቀምሶ መወሰን

ትኩስ የለውዝ ቅቤ ሁልጊዜ ይጥማል። ጉድለቱ የሚወጣው ቆይቶ ነው። ከ10ሩ ብልቃጥ ሦስቱን ለዚህ ያስቀምጡ፦ አንዷን ጨለማ መደርደሪያ ላይ፣ አንዷን ፀሐይ በሚመታው መስኮት አጠገብ፣ አንዷን ደግሞ በየቀኑ ተከፍታ ማንኪያ እንድትገባባት ወጥ ቤት። በየሳምንቱ ከላይ የተንሳፈፈውን ዘይት በማስመሪያ ለክተው ከቀኑ ጋር ይጻፉ። የመስኮቷ ብልቃጥ የቆየ ዘይት ሽታ ቀድማ ካመጣች፣ ሱቅ ውስጥ ፀሐይ ላይ ለምትሰቀለው ዕቃ ምን እንደሚጠብቃት ያሳያል።

ዘይት መንሳፈፉ ብልሽት አይደለም፤ ዘይቱ እንዳይለይ የሚያደርግ ማረጋጊያ ያልገባበት ቅቤ ሁሉ ዘይቱ ይንሳፈፋል። ለመጀመሪያ ዙር “ከመጠቀምዎ በፊት ያማስሉ” የሚል ጽሑፍ ይበቃል። ሥሩ ማንኪያ እስኪያጎብጥ ከደረቀ ግን አፈጫጨቱ ይታይ። ማር ወይም ውኃ ጠብ ማድረግም መፍትሔ አይደለም። ጥቂት እርጥበት ቅቤውን ወዲያው ያጠጥረዋል፣ ብዙ ከሆነ ደግሞ ለሻጋታ በር ይከፍታል።

“እንዴት ነው?” ብሎ መጠየቅ

ብዙ ድካም ከንቱ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ጎረቤት ቤት ብልቃጥ ይዞ ሄዶ “እንዴት ነው?” ላለ ሰው መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ “እጅሽ ይባረክ!” ይሉኝታ ባለበት አገር የሠራው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ “አልወደድኩትም” የሚል አይገኝም። ሰዎቹ ዋሾ ስለሆኑ አይደለም፤ ጥያቄው ሌላ መልስ አይፈቅድላቸውም።

የቀሩትን ሰባት ብልቃጦች ለሰባት ቤት ይስጡ፤ ቢቻል ዘመድ ላልሆኑና የለውዝ ቅቤ ገዝተው ለሚበሉ። በቅድሚያ ግን ለለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው ቤቱ ውስጥ እንዳለ ይጠይቁ፤ ካለ ያ ቤት ይታለፍ። ከገበያ የሚሸጥ የሌላ አምራች ቅቤ ገዝተው እኩል ክብደት በተመሳሳይ ባዶ ብልቃጥ ይገልብጡ። እያንዳንዱ ቤት ሁለቱም ይደርሱታል፤ በአንዱ ላይ 274፣ በሌላው ላይ 618 ብለው ይጻፉ። “ሀ” እና “ለ” ከተባለ ሰው ሳያውቀው “ሀ”ን ያስቀድማል። ለአራቱ ቤት 274ን፣ ለሦስቱ 618ን መጀመሪያ እንዲከፍቱ ይንገሩ። ወስዶ የሚሰጠውም፣ ተመልሶ የሚጠይቀውም እርስዎ ሳይሆኑ የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይሁን።

በሰባተኛው ቀን መጀመሪያ የሚደረገው ጥያቄ መጠየቅ አይደለም፤ ብልቃጦቹን መመዘን ነው። “ሁለቱም በጣም ጥሩ ናቸው” የተባለበት ቤት ከ618 ውስጥ 310 ግራም ተበልቶ ከ274 ውስጥ 90 ግራም ብቻ ከጎደለ፣ እውነቱን ሚዛኑ ተናግሯል። ከዚያ ያለፈውን የሚያስታውስ ጥያቄ ይከተላል፦ መጨረሻ የበላችሁት መቼ ነው? በምን? ማን በላው፣ ማንስ ቀምሶ ተወው? ስትከፍቱት መጀመሪያ ያያችሁት ምንድን ነው? መልሱን በራሳቸው ቃል መጻፍ ነው። “ይተናነቃል” ያለችን እናት “ወፍራም ነው” ብሎ መመዝገብ አይገባም፤ መተናነቅ ከድርቀትም፣ ከሻካራነትም ሊመጣ ይችላል።

መጨረሻ ላይ “ሌላ ብልቃጥ በዚህ ዋጋ ዛሬ ይወስዳሉ?” ይባል፤ ብልቃጡም ዋጋው ተጽፎበት በእጅ ይኑር። ቦርሳውን የከፈተና “በኋላ እደውላለሁ” ያለ ሰው እኩል አይቆጠሩም።

ሰባት ቤት ጥቂት ነው። ያም ሆኖ አንድ ቅሬታ ሳይነጋገሩ በሦስት ቤት ከተደገመ መታረም አለበት። በአንድ ቤት ብቻ የተነሣው ተጽፎ ይቆይ። የገበያው ቅቤ ካሸነፈም በመለያው ላይ ስኳር መጻፉን ይዩ። ልጆች የመረጡት ጣፋጩን ሊሆን ስለሚችል ጥፋቱ የእርስዎ ቆላ ላይሆን ይችላል።

ጾሙን አለማየት

የለውዝ ቅቤ የጾም ምግብ ነው። በዓቢይ ጾም የተሞከረ ናሙና ከፋሲካ በኋላ ከሚኖረው ፍላጎት በላይ ሊያሳይ ይችላል። ሙከራው በጾም ወቅት ከተደረገ የሁለተኛው ዙር ሽያጭ በፍስክ ወራት ይሞከር።

ከ5 ኪሎ ወደ ኩንታል መዝለል

ቀጣዩ ዙር 25 ኪሎ ቢሆን ይመረጣል። ንጣፉ ስለሚወፍር 20 ደቂቃ የነበረው ቆላ አይበቃም፤ ደቂቃውን በጭፍን በአምስት ማባዛትም አይሆንም። በየሦስት ደቂቃው ፍሬ ከፍሎ ማየት ነው። ማሽኑም ረጅም ሰዓት ሲሠራ ስለሚግል ቅቤው በራሱ ሙቀት ይጠቁራል፣ ምሬትም ያመጣል፤ በየ5 ኪሎው አሳርፎ ማስፈጨት ይሻላል። ጨለማ መደርደሪያ ላይ የቆየችውን ብልቃጥ ያውጡና፣ ከ25ቱ ኪሎ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብልቃጥ አጠገቧ አስቀምጠው ቀለማቸውን በቀን ብርሃን ያስተያዩ። የመጨረሻው ከጠቆረ ማሽኑ ግሏል ማለት ነው።