የኢንተርንሺፕ ኢንተርቪው መጨረሻ ላይ ምን ልጠይቅ?

«ጥያቄ አለህ?» ሲሉኝ «የለኝም፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ። ቃሊቲ አካባቢ ያለ ፋብሪካ ነው፣ እኔ ደግሞ የሜካኒካል ተማሪ። ተቀበሉኝ። ከዛ ግን አንድ ወር ሙሉ ስቶር ቁጭ ብዬ ብሎን ስቆጥር ከረምኩ፤ ለካ ጥገና ክፍሉ እንደምመጣ ጭራሽ አልተነገረውም።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ሶስት አራት ጥያቄ ወረቀት ላይ ጻፉ። አንዱ መሃል ላይ ሳትጠይቁት ይመለስና ይሰረዛል። ወረቀቱን አውጥቶ ማየት ነውር የለውም።

መጀመሪያ ይሄን ጠይቁ፦ «ከኔ በፊት የነበረው ተማሪ ምን ሰርቶ ወጣ?»

«ምን እሰራለሁ?» ካላችሁ «ብዙ ነገር ትማራለህ» ይሏችኋል፣ አለቀ። ስላለፈው ሲጠየቁ ግን ወይ የተሰራ ነገር ይጠራሉ፣ ወይ እርስ በርስ ይተያያሉ። «የኮምፕረሰሮቹን የጥገና ፕሮግራም አውጥቶልን ነበር» ካሉ ቀጥሉ፦ «አሁንም ትጠቀሙበታላችሁ?» አዎ ከሆነ እዛ ቤት ተማሪ እውነተኛ ስራ ይሰጠዋል ማለት ነው። «ተማሪ ሁሉንም ክፍል ይዞራል» ካሉም መጥፎ አይደለም፣ ብቻ በየክፍሉ ስንት ሳምንት እንደሆነ ጠይቁ። «እሱ እንደ ሁኔታው ነው» ካሏችሁ ማንም አላሰበበትም፤ ስቶሩ እየጠበቃችሁ ነው። እናንተ የመጀመሪያ ተማሪ ከሆናችሁስ? «የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የት ክፍል ነው የምሆነው?» በሉ።

ቀጥሎ፦ «ስራዬን በየቀኑ የሚያየው ማን ነው?»

ስም ወይም የስራ ድርሻ እስክትሰሙ አትልቀቁ። ሎግቡካችሁ ላይ የሚፈርመውና የዩኒቨርሲቲውን የግምገማ ፎርም የሚሞላው ይሄ ሰው መሆን አለበት። ሰው ሀብት ቢሮ የተቀመጠ ሰው ከሆነ ውጤት የሚሰጣችሁ ስትሰሩ ሳያይ ነው። ፋብሪካው በሽፍት የሚሰራ ከሆነ ደግሞ የሱ ሽፍት ከናንተ ሰዓት ጋር መግጠሙን ጠይቁ፣ እሱ ማታ እየገባ እናንተ ጠዋት ብትገቡ ዋጋ የለውም።

የብር ነገር መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ ያውም ለሰው ሀብቱ ሰው እንጂ ለኢንጂነሩ አይደለም። «ስንት ትከፍላላችሁ?» ከማለት «የትራንስፖርትና የምሳ ነገር እንዴት ነው?» ይሻላል፤ የኪስ ገንዘብ ካለ እዛው ይነግሯችኋል። እንደ ገላን ወይም ቱሉ ዲምቱ ያለ ዳር ቦታ ከሆነ ስለ ሰርቪስ በግልጽ ጠይቁ፦ ተማሪ ይጭናል? ከየት፣ በስንት ሰዓት ይነሳል? ሰርቪስ አለ ማለት ለተማሪ አለ ማለት ላይሆን ይችላል፣ በቀን ሁለት ሶስት ታክሲ መቀያየር ደግሞ ኪስ ያራቁታል።

«ድርጅታችሁ ምንድነው የሚያመርተው?» የሚለውን ግን እባካችሁ ተዉት፣ በሩ ላይ ተጽፏል።

ስትነሱ መልሱ መቼና በምን እንደሚደርሳችሁ፣ የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤም ለማን ተብሎ እንደሚጻፍ ጠይቁ። የነገሯችሁን ሁሉ ታክሲ ውስጥ እንደገባችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉት፤ ሁለት ቦታ ከተቀበሏችሁ የምታወዳድሩት በሱ ነው።