የአማርኛ ተማሪን ዓረፍተ ነገር ስታርሙ ከግሱ ጀምሩ

ባሕር ዳር ላይ አማርኛ የሚማር እንግዳ «አምስት ሰዎች በጀልባ ወደ ዘጌ ሄደ» ብሎ ቢጽፍላችሁ፣ መጀመሪያ የመጨረሻውን ቃል እዩ። «ሄደ» የሚባለው ለአንድ ወንድ ነው። ቀጥሎ «ማን?» ብላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ። «ሰዎች» ላይ የብዙ ቁጥር ምልክቱ «ኦች» አለ፤ ስለዚህ ግሱ «ሄዱ» ይሆናል።

«አምስት ሰው ሄደ» ቢል ግን ቀዩን እስክሪብቶ አታንሱ። ብዛቱን «አምስት» ስለነገረን ስሙ በነጠላ ሊቀር ይችላል፤ ግሱም እሱኑ ይከተላል። ችግሩ ስሙ በብዙ፣ ግሱ በነጠላ ሲሆን ነው።

«የአሳ አጥማጆቹ ታንኳ ተመለሱ» ሌላ ወጥመድ ነው፤ ተማሪውን ያሳተው «አጥማጆቹ» ነው። «የ» የተጫነበት ስም የግሱ ባለቤት ስላልሆነ በጣታችሁ ሸፍኑትና አንብቡ፦ «ታንኳ ተመለሱ»። ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል፤ «ተመለሰ» ነው።

«አባቴ መጡ» የሚለውን ደግሞ ሰውየው አንድ ነው ብላችሁ እንዳትነኩት፤ አንቱታ ነው። ዝቅ ብሎ ስለዚያው አባት «ተቀመጠ» ካለ ግን ያኔ አርሙት።